ጥናቶችን ከመደርደር ወደ ማከራከር

በየዩኒቨርሲቲው የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ምዕራፍ ሁለት ላይ ሲደርሱ መልካቸው አንድ ይሆናል። እገሌ በዚህ ዓመት ይህን አጠና፣ ይህን አገኘ። እገሊት በበኩሏ በሌላ አገር ያንን አጠናች፣ ያንን አገኘች። ሃያ ገጽ ያነበበ ሰው ሃያ ጥናት መኖሩን ያውቃል፤ ስለ ጉዳዩ እስካሁን ምን እንደታወቀና ምን እንደሚያከራክር ግን አያውቅም። አማካሪው ጠርዙ ላይ «ዝርዝር ነው፤ ትንታኔ ይጨመርበት» ብሎ ይመልሰዋል። ተማሪው ደግሞ ትንታኔው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚጨመር ግራ ይገባውና በየአንቀጹ መጨረሻ «ይህ ጥናት ጠቃሚ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰክቶ መልሶ ይልከዋል።

ትንታኔ ግን በዝርዝር ላይ የሚነሰነስ ነገር አይደለም። ዝርዝሩ ራሱ ፈርሶ በሌላ ቅርጽ መሠራት አለበት። ይህ ሲሆን ማየት ደግሞ በጣም ደስ ይላል፤ ተለያይተው ተቀምጠው የነበሩ ጥናቶች እርስ በርስ መጠያየቅና መመላለስ ይጀምራሉ። እንዴት እንደሚሆን በአንድ እውነተኛ ጉዳይ ላይ እንየው፦ አነስተኛ ብድር የድሃ ቤተሰብን ኑሮ ይለውጣል ወይ? ጉዳዩን የመረጥኩት የእኛ ተማሪዎች ደጋግመው ስለሚጽፉበት ነው። ከታወቁት ጥናቶች አንዱም የተካሄደው በአማራና በኦሮሚያ ገጠር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዝርዝር መሆኑ በምን ይታወቃል?

አንድ የተለመደ አንቀጽ ልጻፍላችሁ። የጥናቶቹ ግኝቶች እውነተኛ ናቸው፤ አጻጻፉን ግን ብዙ ጊዜ በማየው አኳኋን ያዘጋጀሁት ነው።

«ፒትና ካንድከር (1998) በባንግላዴሽ ባደረጉት ጥናት ለሴቶች የሚሰጥ ብድር የቤተሰብን ፍጆታ እንደሚያሳድግ አሳይተዋል። ሞርዱክ (1998) በበኩሉ በባንግላዴሽ ብድር የፍጆታን መጠን እንደማያሳድግ፣ መዋዠቁን ግን እንደሚቀንስ ገልጿል። ባነርጂና ሌሎች (2015) በሕንድ ሃይደራባድ ባደረጉት ጥናት የንግድ ኢንቨስትመንት መጨመሩን፣ ፍጆታ ግን በጉልህ አለመለወጡን አረጋግጠዋል። በተመሳሳይ ሁኔታ ክሬፖንና ሌሎች (2015) በሞሮኮ የግል ሥራ ትርፍ መጨመሩን ሲገልጹ፣ ታሮዚና ሌሎች (2015) ደግሞ በኢትዮጵያ በአብዛኞቹ መለኪያዎች ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኙም።»

አንድም የተሳሳተ ነገር የለውም። ሰዋስዉም ደህና ነው። ሆኖም ሦስት ምልክቶች ያጋልጡታል። የመጀመሪያው የዓረፍተ ነገሮቹ ባለቤት ነው፤ የሁሉም ባለቤት የሰው ስም ነው። ስለ ብድር የሚናገር አንድም ዓረፍተ ነገር የለም፤ ሁሉም ስለ አጥኚዎች ነው የሚናገሩት። ሁለተኛው ማያያዣዎቹ ናቸው። «በበኩሉ»፣ «ደግሞ»፣ «በተመሳሳይ ሁኔታ» ዓረፍተ ነገሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ እንጂ አንዱ ለሌላው ምን እንደሆነ አይናገሩም። «ስለዚህ»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ምክንያቱም» የሚሉት ከገጹ ጠፍተዋል። ሦስተኛውና ወሳኙ ፈተና የቅደም ተከተል ነው። ሞሮኮን ወደ ላይ አውጧት፣ ባንግላዴሽን ወደ ታች አውርዷት። ምን ተበላሸ? ምንም። ክፍሎቹን ብታቀያይሯቸው ምንም የማይጎድልበት ጽሑፍ ክርክር የለውም።

ልዩነቱን በአንድ ነገር ልመስለው። ሽማግሌ ለዕርቅ ሲቀመጥ ምስክሮችን አንድ በአንድ ይሰማል፤ ፍርዱን ሲናገር ግን የእያንዳንዱን ቃል ከመጀመሪያው ጀምሮ አይደግምም። የተስማሙበትን ለይቶ ያስቀምጣል፤ የተለያዩበትን ያነሣና ለምን እንደተለያዩ ይመረምራል፤ አንዱ ከሩቅ ነበር፣ ሌላው ዘግይቶ ደረሰ። ክለሳ ድርሳናት የሚጽፍ ሰው ቦታም ይኸው ነው። መስማቱ የንባብ ሥራ ነው፤ ጽሑፉ ግን ፍርዱን ይዞ መምጣት አለበት።

ሠንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ማንበብ

ሥራው የሚጀምረው ከጽሑፉ ውጭ፣ በኤክሴል ወይም በሰፊ ወረቀት ላይ ነው። ብዙዎቻችን የጥናት ሠንጠረዥ ሠርተን እናውቃለን፦ ደራሲ፣ ዓመት፣ ዓላማ፣ ዘዴ፣ ግኝት። ችግሩ እነዚህ ዓምዶች የየጥናቱን መታወቂያ ብቻ የሚመዘግቡ መሆናቸው ነው። ከእነሱ የሚወጣው ጽሑፍም ያው የመታወቂያዎች ድርድር ይሆናል። ዓምዶቹ ጥያቄ መሆን አለባቸው፤ ሁሉም ጥናቶች ሊመልሱት የሚገባ አንድ ዓይነት ጥያቄ። ለብድሩ ጉዳይ እኔ የምመርጠው እነዚህን ነው።

| የት | ተበዳሪው ከማን ጋር ተነጻጸረ? | ሥራና ንግድ ምን ሆነ? | ገቢ ወይም ፍጆታ ምን ሆነ? |
|---|---|---|---|
| ባንግላዴሽ (ፒትና ካንድከር) | በመሬት ይዞታ ደንብ ብድር ከማይፈቀድላቸው ጋር፣ በስታቲስቲክስ ስሌት | ? | ፍጆታ ጨመረ |
| ሃይደራባድ | በዕጣ ከተለዩ ሰፈሮች ጋር | ኢንቨስትመንት ጨመረ | ፍጆታ በጉልህ አልተለወጠም |
| ሞሮኮ | በዕጣ ከተለዩ መንደሮች ጋር | የግል ሥራ ትርፍ ጨመረ፣ የቀን ሥራ ገቢ ቀነሰ | ጭማሪ አልታየም |
| ቦስኒያ | በዕጣ ብድር ካልደረሳቸው አመልካቾች ጋር | የግል ሥራ ጨመረ፣ ቅጥር ቀነሰ | ገቢ ስለመጨመሩ ማስረጃ የለም |
| ሞንጎሊያ | በዕጣ ከተለዩ መንደሮች ጋር | በቡድን ብድር ጨመረ | በቡድን ብድር የምግብ ፍጆታ ጨመረ |
| አማራና ኦሮሚያ | በዕጣ ከተለዩ አካባቢዎች ጋር | ለውጥ በአብዛኛው አልተረጋገጠም | ለውጥ በአብዛኛው አልተረጋገጠም |

የጥያቄ ምልክቱን ልብ በሉ። ባዶ ሳጥን ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፦ ወይ ጥናቱ ያንን ነገር አልለካም፣ ወይ እናንተ ገና አላያችሁትም። ሁለቱን አትቀላቅሉ። ጥናቱ እንዳልለካው ካረጋገጣችሁ «አልለካም» ብላችሁ ጻፉ፤ ያላያችሁት ከሆነ የጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ ወደ ጥናቱ ተመለሱ። የመጀመሪያው ዓይነት ባዶ ቦታ በኋላ የጥናት ክፍተት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን የቤት ሥራ ነው። በየሳጥኑ ውስጥ የገጽ ቁጥር መጻፍም ኋላ ከሚመጣ ፍለጋ ያድናል።

ዋናው ብልሃት የሚመጣው አሁን ነው። ሠንጠረዡን ስንሞላ በአግድም፣ ጥናት በጥናት ነው የሄድነው። ስናነበው ግን ከላይ ወደ ታች፣ ዓምድ በዓምድ ነው። በአግድም ያነበበ ሰው ስለ ሞሮኮ ያውቃል። ወደ ታች ያነበበ ሰው ስለ ብድር ያውቃል።

እስቲ እንሞክረው። የመጨረሻውን ዓምድ ወደ ታች ስናነብ ባንግላዴሽ ላይ «ጨመረ» ይላል፤ ከዚያ በታች፣ ከሞንጎሊያ የቡድን ብድር በስተቀር፣ ጭማሪ አይታይም። ለምን? ዓይናችን ወደ ሁለተኛው ዓምድ ይሄዳል፤ እዚያም ባንግላዴሽ ብቻዋን ናት። የቀሩት ሁሉ በዕጣ የተለዩ ናቸው። በባንግላዴሽ ከግማሽ ኤከር በላይ መሬት ያለው ቤተሰብ አይበደርም የሚል ደንብ ነበር፤ ፒትና ካንድከር ስሌታቸውን የመሠረቱት በዚህ ላይ ነው። ሞርዱክ ደግሞ ደንቡ በተግባር በጥብቅ እንዳልተከበረ አሳየ። ሩድማንና ሞርዱክ በ2014 ባሳተሙት ድጋሚ ምርመራ ብድሩ ለፍጆታው ዕድገት ምክንያት ነው የሚለው ድምዳሜ እንደማይጸና ተከራከሩ፤ ፒትም መልስ ጽፏል። በዝርዝሩ አንቀጽ ውስጥ «በበኩሉ» በሚል ቃል ብቻ የተያያዙት ፒትና ሞርዱክ በአንድ መረጃ ላይ ፊት ለፊት ሲሟገቱ የኖሩ ሰዎች መሆናቸው የወጣው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ሦስተኛውንና አራተኛውን ዓምድ አጣምሩ። ሥራው እየተንቀሳቀሰ ገቢው ቆሟል። ይህ እንቆቅልሽ ነው፤ እንቆቅልሹም ከየትኛውም ነጠላ ጥናት ውስጥ ይልቅ በጥናቶቹ መካከል ጎልቶ ይታያል። ውህደት የሚባለው ነገር የሚጀምረው እዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ጭብጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ወጥመድ ውስጥ ይወድቃል። «በጭብጥ አደራጅ» ሲባል «ብድርና ፍጆታ»፣ «ብድርና ሴቶች»፣ «በእስያ የተካሄዱ ጥናቶች»፣ «በአፍሪካ የተካሄዱ ጥናቶች» የሚሉ ንዑስ ርእሶች ይከፍትና የድሮዎቹን አንቀጾች እንዳሉ ያከፋፍላቸዋል። ገጹ የተደራጀ ይመስላል። ግን በእያንዳንዱ ርእስ ሥር ያው ዝርዝር ተቀምጧል፤ አንድ ረጅም ዝርዝር አራት አጫጭር ዝርዝሮች ሆነ እንጂ ሌላ አልተለወጠም። ምክንያቱም «ብድርና ፍጆታ» ምንም አይልም። ማንም ተነሥቶ «አይደለም» ሊለው አይችልም።

ስለዚህ ጭብጥን በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ግሥ ባለው ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ሌላ አንባቢ ሊቃወመው የሚችል ይሁን። ከላይ ካየነው ሠንጠረዥ ሦስት ይወጣሉ።

አንደኛ፦ የቀደሙትና የኋለኞቹ ጥናቶች የተለያዩት፣ ቢያንስ በከፊል፣ ተበዳሪውን ከተለያየ ሰው ጋር ስላነጻጸሩ ነው።

ሁለተኛ፦ ብድር ቤተሰቡ የሚሠራውን ሥራ ይለውጣል፤ በአማካይ የሚያገኘውን ገቢ ሲያሳድግ ግን በአብዛኛው አልታየም።

ሦስተኛ፦ አማካዩ ብዙ ነገር ይደብቃል፤ የብድር ጥቅም እንደ ተበዳሪው ዓይነትና እንደ ብድሩ ውል ይለያያል።

በመጀመሪያው ላይ «ቢያንስ በከፊል» ያልኩት ለጌጥ አይደለም። የባንግላዴሹ መረጃ የተሰበሰበው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አገሩም ጊዜውም ከሌሎቹ ይለያል። በሠንጠረዣችን ውስጥ ከባንግላዴሽ በዕጣ የተሠራ ጥናት ስለሌለ ልዩነቱ ከዘዴው መጣ ወይስ ከአገሩ ለይቶ መናገር አይቻልም። ዓረፍተ ነገሩ ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ እንዳይሄድ እንዲህ ባለ ቃል ይገታል። ያለ ልጓም «ልዩነቱ የዘዴ ነው» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ንቁ ፈታኝ በመጀመሪያው ጥያቄ ያወርዳችኋል።

ቅደም ተከተሉንም ተመልከቱ። የመጀመሪያው ጭብጥ የትኛውን ማስረጃ ይበልጥ እንመን የሚለውን ይፈታል። ያ ሲፈታ፣ የምናምነው ማስረጃ ምን ይላል የሚል ጥያቄ ይወለዳል፤ ሁለተኛው ይመልሰዋል። ሁለተኛው ደግሞ በአማካይ ስለሚናገር «ለሁሉም ሰው እንዲህ ነው?» ያሰኛል፤ ሦስተኛው ይመጣል። አሁን ሦስቱን አቀያይሯቸው፤ ጽሑፉ ይሰበራል። ቅድም የቅደም ተከተል ፈተና ያልነውን አልፏል ማለት ነው።

አንዱን አንቀጽ እንደገና መጻፍ

ሁለተኛውን ጭብጥ ይዘን እንጻፍ።

«ብድር ቤተሰቡ የሚሠራውን ሥራ ይለውጣል፤ በአማካይ የሚያገኘውን ገቢ ሲያሳድግ ግን በአብዛኛው አልታየም። በሞሮኮ ገጠር፣ የመበደር ዕድላቸው ከፍ ያለ ተብለው የተለዩ ቤተሰቦች በግል ሥራቸው ላይ ያዋሉት ሀብትና ከዚያ ያገኙት ትርፍ ጨምሯል፤ በቀን ሥራ ያገኙት የነበረው ገቢ ግን በመቀነሱ በጠቅላላ ገቢም ሆነ በፍጆታ ላይ ጭማሪ አልታየም (ክሬፖንና ሌሎች፣ 2015)። በቦስኒያም የግል ሥራ ሲስፋፋ ተቀጥሮ መሥራት ቀንሷል፤ የቤተሰቡ ገቢ ስለማደጉ ማስረጃ አልተገኘም (አውግስበርግና ሌሎች፣ 2015)። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ብድሩ ቤተሰቡን ከአንድ የገቢ ምንጭ ወደ ሌላ እንዳሸጋገረ ያመለክታሉ። ለዚህ አንድ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፦ በሞሮኮ ብድር ከቀረበላቸው መንደሮች የወሰደው ከመቶ 13 ቤተሰብ ብቻ ስለሆነ፣ ገቢው ያልተንቀሳቀሰው ተበዳሪው ጥቂት በመሆኑ ይሆናል። የአማራና የኦሮሚያ ጥናት ይህን ተቃውሞ በመጠኑ ያዳክመዋል፤ በዚያ የተበዳሪው ቁጥር በጉልህ ቢያድግም በአብዛኞቹ መለኪያዎች ላይ ለውጥ መኖሩን ማረጋገጥ አልተቻለም (ታሮዚና ሌሎች፣ 2015)። ከዚህ የሚለየው የሞንጎሊያ ጥናት ነው፤ በቡድን ዋስትና ብድር የቀረበላቸው ሴቶች ቤት የምግብ ፍጆታ ሲጨምር፣ በግል ብድር በቀረበላቸው ዘንድ ተመሳሳይ ለውጥ አልታየም (አታናሲዮና ሌሎች፣ 2015)። የብድሩ ውል ውጤቱን ከለወጠው፣ ብድር ይጠቅማል ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።»

ምን ተለወጠ? የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የጸሐፊው ነው፤ ምንጭ አልተጠቀሰበትም፤ ምክንያቱም ከሁሉም ጥናቶች የተቀዳ የራሱ ፍርድ ነው። የአጥኚዎቹ ስሞች ወደ ቅንፍ ገብተዋል፤ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤትነት ብድርና ቤተሰብ ወስደውታል። ስም ከቅንፍ ውጭ የሚወጣው ክርክሩ ራሱ የሰዎች ሲሆን ነው፤ ስለ ፒትና ሞርዱክ ስንጽፍ ስማቸው ባለቤት ቢሆን ተገቢ ነው።

ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ ግን የኢትዮጵያው ጥናት የደረሰበት ቦታ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የመጨረሻ ተራ ይዞ «ጉልህ ለውጥ አላገኙም» ብሎ የሚያልፍ፣ አሰልቺ የሚመስል ግኝት ነበር። አሁን ሥራ አገኘ። «ተበዳሪው ጥቂት ስለሆነ ነው» የሚለውን ተቃውሞ ሊመልስ የሚችለው እሱ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ተበዳሪው በርክቶ ነበር። ጥናቱ ያው ነው፤ ግኝቱም አልተነካም። ግን የተጠየቀ ጥያቄ ፊት ሲቆም ክብደቱ ተለወጠ። አንድ ጥናት በክለሳው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ካላወቃችሁ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ይመልሳል ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልሰው ጥያቄ ካልተገኘ በአንድ ሐረግ ይጠቀስ ወይም ይውጣ።

የሞንጎሊያም ጉዳይ ትምህርት አለው። ክርክራችንን ስለማይደግፍ ልንደብቀው እንችል ነበር፤ ወይም «በአንጻሩ» ብለን ጥግ ላይ ልንወረውረው። ይልቅ በሙሉ ግኝቱ አስገባነውና ወደ ሦስተኛው ጭብጥ መሸጋገሪያ ድልድይ ሆነ። የማይስማማ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ ቀጣዩን ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው።

በሦስተኛው ጭብጥ ውስጥ ሃይደራባድ ተመልሶ ይመጣል። ቀድሞ ስለ አማካይ ፍጆታ የተናገረው ጥናት፣ አሁን ስለ ሌላ ነገር ይመሰክራል፦ የትርፍ ጭማሪው የታየው ብድሩ ከመምጣቱ በፊት ንግድ በነበራቸው፣ ከእነሱም በትርፋቸው ከላይኛው ጫፍ ባሉት ዘንድ ነው። ከጎኑ የፊልድና ሌሎች የ2013 የኮልካታ ጥናት ይቆማል። በዚያ ለአንዳንዶቹ ተበዳሪዎች የመጀመሪያው ክፍያ በሁለት ሳምንት ፈንታ ከሁለት ወር በኋላ እንዲጀምር ተደረገ፤ ኢንቨስትመንትና የኋላ ትርፍ ጨመረ፣ ብድር ያልከፈሉ ሰዎችም ጨመሩ። አንዱ ጥናት ስለ ሰውዬው፣ ሌላው ስለ ውሉ ይናገራል፤ ሁለቱ ተደጋግፈው ጭብጡን ያቆሙታል። በጭብጥ በተደራጀ ጽሑፍ አንድ ጥናት ሁለት ሦስት ቦታ ቢመጣ ችግር የለውም፤ በመጣ ቁጥር አዲስ ሥራ ይሥራ እንጂ።

ድምፅ ቆጠራ አይሠራም

አሁን ወደ አደገኛው ስሕተት እንምጣ፤ ጥሩ የተደራጀ ክለሳንም የሚያበላሸው ይህ ነው። ሠንጠረዡን ወደ ታች ስናነብ «ከስድስት ጥናቶች አራቱ ለውጥ አላገኙም፤ ስለዚህ ብድር አይሠራም» ማለት ይቃጣናል። ይህ ድምፅ መቁጠር ነው። ችግሩ «ለውጥ አልተረጋገጠም» እና «ለውጥ የለም» አንድ አለመሆናቸው ነው። በሃይደራባድ የብድር ተቋሙ በገባባቸውና ባልገባባቸው ሰፈሮች መካከል የነበረው የተበዳሪ ቤተሰብ ልዩነት ከመቶ አሥር እንኳ አልሞላም ነበር። ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ሰው በአዲሱ ዕድል ምክንያት ካልተበደረ፣ በሰፈሩ አማካይ ላይ መጠነኛ ለውጥ ቢኖርም ከግርግሩ ለይቶ ማየት ይከብዳል። ጥናቱ «አላየሁም» ያለው ነገር ስለሌለ ሳይሆን ሚዛኑ ሻካራ ስለሆነ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ ግምቱ ምን ያህል ሰፊ ነው? ጥናቱ ያገኘው የመተማመኛ ክልል ከዜሮ አካባቢ ጠባብ ከሆነ፣ «ትልቅ ለውጥ የለም» ለማለት ያስደፍራል። ከትልቅ ኪሳራ እስከ ትልቅ ትርፍ የተዘረጋ ከሆነ ግን የተባለ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያውን ጥናት ስጽፍ «በመጠኑ ያዳክመዋል» ያልኩትም ለዚሁ ነው፤ «ያፈርሰዋል» ብል ከማስረጃው በላይ ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ዕድለኞች ነን። ሬቸል ሚገር በ2019 ሰባት በዕጣ የተሠሩ የብድር ጥናቶችን መረጃ በአንድ የስታቲስቲክስ ሞዴል አጣምራ ተንትናለች፤ በሠንጠረዣችን ያሉት በዕጣ የተሠሩት አምስቱም ውስጡ አሉ። ያገኘችውም አማካይ ውጤቱ ሕይወት የሚለውጥ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ እንደሆነ፣ በአገሮች መካከል ያለው ልዩነትም የተፈራውን ያህል ሰፊ እንዳልሆነ ነው። እንዲህ ያለ የተጣመረ ትንታኔ ሲገኝ ከነጠላ ጥናቶች ተራ ውስጥ አታስገቡት። የጭብጡ መክፈቻ ወይም መዝጊያ ዓረፍተ ነገር የሚደገፍበት ምሰሶ ይሁን።

ክፍተቱ ከክርክሩ ይውጣ

በዝርዝር የተጻፈ ክለሳ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የሚለው ነገር ስለሚያጣ «በዚህ ወረዳ ላይ ግን ጥናት አልተካሄደም» ብሎ ይዘጋል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ጥናት ያልተካሄደበት ወረዳ ሞልቷል። በዚህኛው ማካሄድ ለምን ያስፈልጋል? የወረዳው ስም ብቻውን አይመልስም።

የእኛ ሦስት ጭብጦች ግን ወደ አንድ ቦታ እየገፉ አመጡን። ጥያቄው ለማንና በምን ውል ወደሚለው ደርሷል። የኢትዮጵያው ሙከራ ከ2003 እስከ 2006 የተካሄደ ሲሆን የመረመረው የብድርን መኖርና የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎትን ነበር፤ የብድር ውል ዓይነቶችን እርስ በርስ አላነጻጸረም። በዚያን ጊዜ ያበደሩት የአማራና የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋማት ደግሞ በቅርብ ዓመታት ፀደይ ባንክና ሲንቄ ባንክ ሆነዋል። ስለዚህ ክፍተቱ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ የክፍያ ጊዜ ኢንቨስትመንትን እንደሚለውጥ በኮልካታ ከተማ ታይቷል፤ ገቢው በምርት መሰብሰቢያ ጊዜ ለሚመጣ የኢትዮጵያ ገበሬ ይህ ይሠራ እንደሆነ ግን በዕጣ የተካሄደው የገጠር ሙከራ አይነግረንም። ወረዳው አሁን ምክንያት አገኘ። የተመረጠው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ስለሚመች ነው።

አሁን የራሳችሁን ምዕራፍ ሁለት ክፈቱና የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ በአንድ ገጽ ላይ ገልብጡ። ለጉዳዩ እንግዳ ለሆነ ወዳጅ አንብቡለት። ሰምቶ ሲጨርስ «ታዲያ ስለ ጉዳዩ ምን ትላላችሁ?» የሚለውን በራሱ ቃል መመለስ ከቻለ ጽሑፉ ክርክር አለው። «ብዙ ሰዎች አጥንተውታል» ካለ ግን አንቀጾቹን አትነካኩ፤ ወደ ሠንጠረዡ ተመለሱና ዓምዶቹን ወደ ታች አንብቡ።